አውራ ጣት ያረፈበት የቅጣት ወረቀት

ከኮልፌ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ወንበር። ከሦስቱ ወንበሮች አንዱ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ ደንበኞቼ ሁለቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ቆመው ሕግ ይተረጉማሉ። ወረቀት ለማባዛት የመጣ ሰው ከፊቱ የቆመውን ሰው ወረቀት ሳያነብ አይሄድም፤ አንብቦም ዝም አይልም። ጠበቃም ዳኛም ይግባኝ ሰሚም በነጻ የሚገኝበት ቤት ቢኖር የእኔ ነው። የሚሰጡት ምክር ግን አንዱም ሲሠራ አላየሁም።

የትራፊክ ክስ ወረቀት በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ድሮ ሰው ወረቀቱን ራሱን ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ፎቶውን ነው የሚያመጣው። በጨለማ የተነሳ፣ በጥላ የተሸፈነ፣ መሪው ላይ ተደርጎ የተነሳ፣ ግማሹ የተቆረጠ። ከዚያ "ይኸው፣ ምን ይላል?" ይሉኛል። የሚለውን ሳይሆን ካሜራው የያዘውን ነው የማነብላቸው፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ግን ትዕግሥት የለኝም።

ጋሼ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነበር። ጋሼ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በር እና መስኮት ሲበይዱ የኖሩ፣ የግማሹን ኮልፌ የግቢ በር የሠሩ ሰው ናቸው። ወርክሾፑን ከዘጉ ቆይተዋል፤ በር ያመላልሱባት የነበረችው አሮጌ ፒክአፕ ግን አሁንም አለች። የብየዳ እሳት ዐይናቸውን ስለጎዳው የቅርብ ጽሑፍ አይታያቸውም። መነጽር ቢኖራቸውም ኪሳቸው ውስጥ እንጂ ዐይናቸው ላይ አይቼው አላውቅም። ስለ ሰው ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህ ጠባያቸው እኔን ሁልጊዜ ትንሽ ያናድደኛል።

"ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ እስቲ" አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። "ተከሰሃል ብለውኛል። አማቼ ነው ፎቶውን የላከልኝ። ጊዜው አልፏል፣ ይግባኝ ካላሉ ቅጣቱ ይቆለላል አለኝ። ማመልከቻውን ራሱ ጽፎታል፤ ከሰዓት ይዞት ይመጣል፣ አንቺ ታትሚለታለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ።"

"ምን አጥፍተው ነው?"

"ጦር ኃይሎች መቆም በተከለከለበት ቦታ ቆመሃል ነው የሚሉት። እውነትም ቆሜ ነበር። ማክሰኞ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ባለቤቴን ጤና ጣቢያ አድርሼ ነበር። ደግፌ ሳስገባት ትንሽ ቆይቻለሁ። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ሰክተውት ሄደው፣ አማቼ መኪናዋን ሊያጥብ ሲወስድ አገኘው።"

ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አሰፋሁት። የካርቦን ግልባጩ ነው፤ ጽሑፉ የፈዘዘ ሰማያዊ። ወረቀቱ በሁለት ጣት ተይዟል። ከላይ፣ ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ፣ አንድ ወፍራም አውራ ጣት ተጋድሟል። ጥፍሩ ሳይቀር በግልጽ ይታያል። የቀረው ሁሉ ደብዝዞ ጥፍሩ ብቻ እንዲህ መጥራቱ ገረመኝ።

ከኋላዬ ዶሴ ታቅፎ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው አንድ ገጽ ለማባዛት፣ የሚቆየው ግን አንድ ሰዓት። አንገቱን በትከሻዬ ላይ አሰገገና ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሰካ።

"ኮድ ሦስት ይላል" አለ። "አለቀ። ኮድ ሦስት ከባድ ነው። አንድ ዘመዴ በኮድ ሦስት መንጃ ፈቃዱን ስድስት ወር ተነጥቋል።"

ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ። "ስድስት ወር?"

"ያውም ይቅርታ ከጠየቁ ነው" አለ ሰውየው፤ የሰው ድንጋጤ ለእሱ ምሳ ነው።

"ኮድ ሦስት የታርጋው ነው" አልኩት። "የንግድ መኪና ታርጋ ኮድ ሦስት ነው። የአንተ ዘመድ በታርጋው ኮድ መንጃ ፈቃድ ከተነጠቀ፣ የአዲስ አበባ አይሱዙ ነጂ በሙሉ እቤቱ በተቀመጠ ነበር።"

ሰውየው አላፈረም። እንዲህ ያለ ሰው አያፍርም፤ "ድሮ እንደዚያ ነበር" ይላል። እንዳልኩትም አለ።

ጋሼን ተቀምጠው እንዲሰሙኝ ጠየቅኋቸውና ከላይ ወደ ታች ማስረዳት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሁለት ኮድ አለው፤ ሰዉን የሚያምታታው ይሄ ነው። አንዱ ከታርጋ ቁጥሩ ጎን ያለው ነው፤ መኪናዋ የግል ናት፣ የንግድ ናት፣ የመንግሥት ናት የሚለውን ከመንገር በቀር ስለ ጥፋት ምንም አያወራም። ሌላው ዝቅ ብሎ "የጥፋት ኮድ" በሚል ሳጥን ውስጥ ያለው ነው። ጥፋቶቹ እንደ ክብደታቸው በእርከን ተከፍለው፣ በእያንዳንዱ እርከን ሥር ደግሞ በተራ ቁጥር ተዘርዝረዋል። ትራፊኩ የሚጽፈው እሱን ነው፤ የቅጣቱም ልክ፣ በመንጃ ፈቃዱ ሪከርድ ላይ የሚመዘገበውም ነጥብ የሚመጣው ከእሱ ነው። ዝርዝሩን አንድ ደንበኛ አባዝቶ ሲረሳው ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አወጣሁትና ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። የመጨረሻው አሃዝ አንድ ይሁን ሰባት አይለይም። አንድ ከሆነ ጋሼ ያሉት ነው፤ መቆም በተከለከለበት ቦታ መቆም። ሰባት ከሆነ ፈጽሞ ሌላ ጥፋት ነው።

"በፎቶ ይሄን ያህል ነው የሚታየኝ" አልኳቸው። "ጀርባውስ? ጀርባውን አላነሳውም? መቼ እንደሚከፈል፣ የት እንደሚከፈል፣ የማይቀበል ሰው የት ሄዶ ቅሬታ እንደሚያቀርብ የተጻፈው እዚያ ነው።"

"ጀርባው ባዶ ነው አለኝ።"

በዚህ ቤት ውስጥ ከዚያ ወረቀት ከአንድ ካርቶን በላይ አባዝቻለሁ። ጀርባው ባዶ አይደለም።

"ጊዜው ግን አላለፈም" አልኳቸው። "አስር ቀን የሚለው የሥራ ቀን ነው። የተጻፈው ማክሰኞ ከሆነ ረቡዕ ብለው ይቁጠሩ፣ ቅዳሜና እሑድን ይዝለሉ። ዛሬ ዘጠነኛው ነው። እስከ ነገ ድረስ አለዎት። ካለፈ ነው የሚጨምረው።"

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ። "ታዲያ እሱ አልፏል ያለኝ ተሳስቶ ነው" አሉ።

"ይሆናል" አልኩ። ስለ ሰው ክፉ የማይናገር ሰው ፊት እኔም ጨዋ ለመሆን እሞክራለሁ፤ ብዙ ባይሳካልኝም።

ከዚያ ክሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አየሁት። 10፡20 ይላል። 

"ጋሼ፣ እማማን ጤና ጣቢያ ያደረሱት ስንት ሰዓት ነበር?"

"ጠዋት ነዋ። አራት ሰዓት አልፎ ነበር። አማቼም ይኸው አስር ከሃያ ተጽፏል፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እርስዎ የቆሙበት ሰዓት ነው ብሎኛል።"

ዶሴ የታቀፈው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ሁሉም በፈረንጅ ነው። ኮምፒውተር ስለሆነ።"

ወረቀቱ በእስክሪብቶ የተጻፈ መሆኑን ልነግረው አልፈለግሁም። ፎቶውን ይበልጥ አሰፋሁት። ከሰዓቱ ጎን በትንሹ "ከሰዓት" ተብሎ ተጽፏል፤ "ሰ" እና "ዓ" ተጣብቀው ጉንዳን የመሰሉ። ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ። ጋሼ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ጠየቅኋቸው።

"እኔማ ከምሳ በኋላ አልወጣሁም። የባለቤቴን መድኃኒት ሳሰናዳ ዋልኩ። መኪናዋን አማቼ ወስዷት ነበር፣ አጥቤ አመጣለሁ ብሎ..."

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሲያስቡ አየኋቸው፤ ያሰቡትን ደግሞ ሲተዉት አየሁ። "ትራፊኩ ተሳስቶ ይሆናል" አሉ።

"ዋናውን ወረቀት ይዞ ይምጣ በሉት" አልኳቸው። "ቅሬታ ሰሚዎቹ ፎቶ አይቀበሉም። ዋናው ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድ ኮፒ፣ የሊብሬ ኮፒ ይላሉ። ያለዚያ ማመልከቻው ከበር አይገባም።"

ያልኩት እውነት ነው፤ እኔን ግን ያጓጓኝ ሥርዓቱ አልነበረም። ያ አውራ ጣት ነበር።

አማቹ ከሰዓት መጣ፤ ጋሼ ከኋላው። አማቹ የአንድ ድርጅት ሹፌር ነው። ሁልጊዜ የታጠበ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል፣ ሲናገር "ባጭሩ" ይልና ያስረዝማል። የጋሼን ልጅ ካገባ ጀምሮ ቤቱ ባይሰጠውም መኪናዋ የእሱ ናት፤ ነዳጁ ግን የጋሼ ነው። ሰፈሩ ያከብረዋል። ለምን እንደሚያከብረው ጠይቄ "ጥሩ ልብስ ይለብሳል" ከማለት ያለፈ መልስ ያገኘሁበት ቀን የለም።

"እህቴ፣ ባጭሩ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ አትሚልን። ሁለት ኮፒ። አባባ ይፈርማሉ፣ እኔ እወስደዋለሁ፣ ጉዳዩን የሚጨርስልን ሰው አግኝቻለሁ።"

"ዋናው ወረቀትስ?"

"አያስፈልግም። ፎቶው አለ።"

ፋይሉን ከፈትኩት። የማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ስሕተቱን ነው። በዚህ ግን ስሕተት አልነበረም። በጣም ተጠንቅቆ ጽፎታል። "እኔ አመልካች የተሽከርካሪው ባለንብረት ስሆን፣ በዕለቱ ተሽከርካሪውን ሳሽከረክር የነበርኩት እኔው ራሴ ሆኜ ሳለ፣ ክሱ በስሕተት በሌላ ሰው ስምና መንጃ ፈቃድ ቁጥር የተመዘገበ በመሆኑ፣ በእኔ ስም እንዲስተካከልልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።"

ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ግን ጮክ ብዬ፣ ለጋሼ አነበብኩላቸው። አማቹ በመሃል "እሱን ማንበብ አያስፈልግም፣ የሕግ ቋንቋ ነው" አለ። እኔ ጨረስኩት።

ጋሼ ወደ አማቻቸው ዞሩ። "በሌላ ሰው ስም ማለት በማን ስም?" አሉ።

"የአጻጻፍ ነገር ነው አባባ። ባጭሩ እንዲህ ካልተባለ አይሰሙም።"

"መስታወት ላይ ተሰክቶ የተገኘ ክስ ስም አይኖረውም" አልኩ። "ሹፌሩን ያላገኘው ትራፊክ የማንን ስም ይጽፋል? ታርጋ ብቻ ነው የሚጽፈው። ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ካለበት፣ ትራፊኩ ሹፌሩን አግኝቶታል፣ መንጃ ፈቃዱንም ተቀብሎ አይቷል ማለት ነው።"

አማቹ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲናደድ ጨዋ ይሆናል። "እህቴ፣ አንቺ ሥራሽ ማተም ነው።"

ይህን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ልክ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። በዚያች ቤት ውስጥ ስንት ውሸት በታይምስ ፊደል አሰማምሬ፣ ኅዳግ አስተካክዬ አትሜያለሁ። "ታምሜ ነበር" የሚል ያልታመመ፣ "አልነበርኩም" የሚል የነበረ፣ "ዘመዴ ሞቶ ነው" የሚል ዘመዱ በሕይወት ያለ። ገጹን በዋጋው እያስከፈልኩ፣ ፊርማው የእኔ አይደለም እያልኩ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄንንም አትመው ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ስላደረግሁት ነገር ራሴን ከፍ አድርጌ አላይም። እንዳላትመው ያደረገኝ ሕሊናዬ ሳይሆን ፈራሚው ጋሼ መሆናቸው ነበር።

"ማተም ሥራዬ ነው" አልኩት። "ለጋሼ የሚፈርሙትን ማንበብም ሥራዬ ነው፤ ጠዋት እንዲያ ብለው ጠይቀውኛል። ይሄ ወረቀት ከተፈረመ የሚሆነውን ልንገራቸው። አንደኛ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይሆናል፤ ሪከርዱም የእሳቸው። ሁለተኛ፣ ያልነዱትን ነዳሁ ብለው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መዋሸት ነው፤ ያ ከትራፊክ ቅጣት የባሰ ሌላ ክስ ነው። ሦስተኛ፣ ቅሬታ ሰሚው ትራፊኩን ጠርቶ ማን ነበር ቢለው፣ እኚህን ሽማግሌ አይደለም ይላል።"

"ማን ትራፊክ ይጠራል? ሰው አለኝ አልኩሽ እኮ።"

"ወረቀቱን አሳየኝ" አሉ ጋሼ።

"አባባ፣ እቤት ነው ያለው..."

"ኪስህ ውስጥ ነው" አሉት። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ምናልባት እንደኔ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ አይተውት ይሆናል። የቅርብ ጽሑፍ አይታያቸውም እንጂ ሩቅ ያያሉ።

አወጣው። ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሳቸውን ማየት አልቻለም። በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። ዘረጋሁት። አውራ ጣቱ ሸፍኖት በነበረው መስመር ላይ የአማቹ ስም ከነአያቱ ተጽፏል፤ ከሥሩ የመንጃ ፈቃዱ ቁጥር። የጥፋት ኮዱ መጨረሻ አንድ ነው፤ ሰባት አይደለም። ሰዓቱ 10፡20 ከሰዓት። ቦታው ጦር ኃይሎች፣ ፌርማታው አጠገብ። ከታች የተከሳሽ ፊርማ በሚለው ላይ ፊርማ አለ፤ ያች ፊርማ ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶ የሚረሳት የለም፤ ከስሙ ይልቅ ጥልፍ ትመስላለች። ትራፊኩ በማስታወሻ መስመሩ ላይ "ዕቃ እየጫነ" ብሎ ጨምሯል።

ሁሉንም እንዳለ አነበብኩላቸው። ስሙን ሳነብ ድምፄን ከፍም ዝቅም አላደረግሁም፤ ይህን አሁን ስጽፍ በዚያ እኮራለሁ።

"ምን ዕቃ ነው?" አሉ ጋሼ።

"ፍሪጅ" አለ አማቹ። "የአንድ ሰው ፍሪጅ። እግረ መንገዴን..."

"አጥባለሁ ብለህ ነበር የወሰድካት።"

ባጭሩ የሚል ሰው ባጭሩ ዝም ሲል ያኔ ነው ያየሁት። በኋላ ግን ቀስ እያለ ወጣለት። መሥሪያ ቤቱ የሹፌሮቹን ሪከርድ ሊያጣራ ነው፤ ከዚህ ቀደም ሁለት አለበት፤ ሦስተኛ ከተገኘ ከመኪና ያወርዱታል። አባባ ደግሞ ጡረተኛ ናቸው፤ ሪከርድ ምን ያደርግባቸዋል? ልጃቸው እንዳትቸገር ብሎ ነው። ለቤተሰቡ ብሎ ነው። ሰው ሲዋረድ ስንት ሰው ይዞ እንደሚመጣ ይገርማል፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የቤት ኪራዩን ሁሉ ከፊቱ አሰልፎ እሱ ከጀርባቸው ቆመ።

ጋሼ ቢቆጡ እወድ ነበር። አልተቆጡም። "ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አሉት። "ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ እፈርምልህ ነበር ይሆናል። ሞኝ ነኝ እኮ። ግን ባለቤቴን ደግፌ ያስገባሁበትን ሰዓት ወስደህ ለዚህ አዋልከው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ለማድረስ ብዬ አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። እሷም በእኔ ምክንያት ነው እያለች።"

አማቹ ወለሉን አየ። ወለሌ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ የተጨማደደ ወረቀት ብቻ።

ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እውነተኛ ይግባኝ የሚባል ነገር አለው? እሱ የሚለው ካለ ይበል፤ በራሱ ስም።"

ጀርባውን ገለበጥኩት። ባዶ አልነበረም። በደቃቅ ፊደል ሞልቷል። አስር የሥራ ቀን፤ ከዚያ ያለፈ ተጨማሪ ይከፍላል። በባንክ ወይም በስልክ በክሱ ቁጥር ይከፈላል። ክሱን የማይቀበል ደግሞ ሳይከፍል፣ በጊዜው ውስጥ፣ ምክንያቱን ጽፎና ማስረጃውን አያይዞ ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። አስረዳሁት፤ ለአማቹ ማስረዳቴ ቢያንገበግበኝም። ታርጋው የመኪናዋ ካልሆነ፣ ቦታው ላይ ምልክት ካልነበረ፣ የተጻፈው ኮድና የተገለጸው ጥፋት ካልተስማሙ፣ የታመመ ሰው ለማዳን ተገዶ ከቆመ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ይጻፋል። ከከፈለ በኋላ ግን አልቀበልም ማለት ዋጋ የለውም፤ መክፈል ማመን ነው።

"ምልክት ነበረ?" አሉት ጋሼ።

"ነበረ።"

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ..."

"እንግዲያው ክፈል።"

እዚያው ቆሞ በስልኩ ከፈለ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠበት፤ ሁለቱንም ጊዜ የክሱን ቁጥር እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ እየተጠነቀቅሁ፣ አንድና ሰባቱን እየለየሁ። መልእክቱ ሲደርሰው ጋሼ "አትሚው" አሉኝ። አተምኩት። ጋሼ ያልተፈረመውን ማመልከቻ ጠየቁኝ፤ "አላተምኩትም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ለአማቹ እጃቸውን ዘረጉ። የመኪናዋን ቁልፍ ሰጣቸው። ሁለቱ ተከታትለው ወጡ፤ ጋሼ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

ዶሴ የታቀፈው ሰውዬ ከሰዓትም ተመልሶ መጥቶ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። "እኔ ከጠዋት ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር" አለ። የአንድ ገጽ ኮፒውን ሰጥቼ አሰናበትኩት።

ወሬው ከእኔ አፍ እንዳልወጣ እምላለሁ፤ ዶሴ ከታቀፈው ሰውዬ እንደወጣ ግን እጅ ከፍንጅ የያዝኩትን ያህል አውቃለሁ። በሳምንቱ የጋሼ ልጅ መጣች። አውቃታለሁ፤ አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ እሷ ሁለት ክፍል ትበልጠኛለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ባሌን ሰፈር ውስጥ አዋረድሽው" አለች። "ፊትሽ ወረቀት ሲቀመጥ ማተም ነው እንጂ፣ አንቺን ዳኛ ያደረገሽ ማነው?"

"ለአባትሽ አነበብኩላቸው። ሌላ ያደረግሁት የለም።"

"ለአባቴ ማንበብ የእኔ ፋንታ ነበር።"

"እኮ" አልኳት። "ለምን አላነበብሽላቸውም?"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ብመልሰው ደስ ባለኝ። ፊቷ ተለወጠ። ፎቶውን ቀድማ አይታው ነበር ማለት ነው፤ ያን አውራ ጣት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እንዳወቅሁባት አወቀች። በሩን ሳትዘጋ ሄደች። እኔም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ትክክል መሆን ምን ያህል የማይጣፍጥ ነገር እንደሆነ እያሰብኩ ወረቀት ሳባዛ ከረምኩ።

አማቹ ሥራውን አላጣም። መሥሪያ ቤቱ ሪከርዱን አይቶ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠው። ያን ሁሉ ተንኮል የጎነጎነው ለአንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ለማኅደሩ ሊያባዛ የሄደው ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያ ያለው አሮጌ ማሽን ግማሹን ጥቁር አድርጎ እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ጋሼ ፒክአፗን መንዳት ተዉ። ራሳቸው ነበሩ የተዉት፤ ማንም አላላቸውም። መንጃ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ለዐይን ምርመራ ሄደው፣ ከሠንጠረዡ ሦስተኛ መስመር በታች ያለውን ሊያነቡ ስላልቻሉ ሳቅ ብለው ተመለሱ። "ሌባ ለማየት ይበቃል፣ ፊደል ለማየት አይበቃም" አሉኝ። ስለ ሰው ክፉ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ወራት አልፈው ልጃቸው እንደገና መጣች። ይህን ጊዜ ተቀመጠች። የማሽከርከር ማሠልጠኛ ልትመዘገብ ነው፤ የትምህርት ማስረጃዋን፣ መታወቂያዋንና የጤና ምርመራ ወረቀቷን እንዳባዛላትና ቅጹን እንድሞላላት ፈልጋ ነው። እናቷን ጤና ጣቢያ የሚያመላልሳት ሰው የለም፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ሊሞት ነው።

"ባልሽስ?" አልኳት፤ ምላሴ አይማርም።

"የቤት መኪና አይነዳም" አለች። "አባቴ ቁልፉን ለእኔ ነው የሰጠኝ።"

ቅጹን ሞላሁላት። የስም መስመር ላይ ስደርስ አነበብኩላት፤ ትክክል መሆኑን ነገረችኝ። ቅጹን ፎቶ ለማንሳት ስልኳን አወጣች፤ ለማሠልጠኛው ልትልከው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሁለቱንም እጆቿን ከላዩ አነሳች፣ አስተካክላ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውንም አነሳች።